ከሰልባጅ የገዛሁት የዝናብ ጃኬት ውስጡ እየተላጠ ነው

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ነገ ጠዋት ለሥራ ወደ ጓሳ እወጣለሁ። የዝናብ ጃኬቴ ትናንት ጣርማ በር ላይ ትከሻዬን አበሰበሰው፤ ውስጡም እንደ ነጭ ቅርፊት ይራገፋል። ውሃ መከላከያ ስፕሬይ ቢነፋበት ይድናል? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የመንዝ ሰው፦ ልጄ፣ በርኖስ ለብሰህ ውጣ። በርኖስ ተላጠ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ሻማ ተጠቃሚ፦ እኛ ሻማ አሽተንበት በካውያ እናቀልጠው ነበር፤ ውሃው ከላዩ ይንከባለላል።

የስፌት ባለሙያ፦ ሻማው በሸራ ላይ ይሠራል፣ የእርስዎ ግን ሸራ አይደለም። ውሃውን የሚያግደው ከጨርቁ ጀርባ ያለው ነገር ሲሆን፣ ስፕሬይ የሚያድሰው የውጩን ገጽ ብቻ ነው። በቅብ ጃኬት ላይ ፖሊዩሬቴን እንደ ቀለም በጨርቁ ጀርባ ይቀባል፤ ዓመታት አልፈውት፣ በተለይም እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ ከተቀመጠ፣ እርጥበቱ ራሱ ያፈርሰውና መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎም ይላጣል። በተለጠፈው ዓይነት ግን ለብቻው የተሠራ ስስ ሜምብሬን በሙጫ ከጨርቁ ጋር ስለሚያያዝ፣ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሙጫው ይለቅና በጨርቁና በሜምብሬኑ መካከል አረፋ ይነሣል። ጣትዎን ውስጡ ላይ ሲጫኑት ይጣበቃል?

ተጓዥ፦ እኔ ግን ዝናብ ገባ የሚለውን አልቀበልም። በዚያ ዳገት ላይ ያበሰበሰዎት ላብዎ ነው። ያስተነፍሳል የሚሉት ጃኬት ሁሉ የነጋዴ ወሬ ነው።

የስፌት ባለሙያ፦ ግማሹ እውነት ነው። አንዱ ሜምብሬን የውሃ ጠብታ የማያልፍባቸው፣ ተን ግን የሚያልፍባቸው እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሌላው ቀዳዳ ሳይኖረው እርጥበቱን ከውስጥ መጥጦ ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን የውጩ ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ከከበደና ከቀዘቀዘ፣ ተኑ መውጫ አጥቶ ከውስጥ በኩል ውሃ ይሆናል፣ ሰውም ጃኬቱ አፈሰሰ ይላል። ስፕሬይ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። ለመለየት ትከሻውን እንደ ሳህን አጎድጉደው፣ የውጩን ገጽ ወደ ላይ አድርገው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱበት፣ ከሥሩም ሶፍት ያንጥፉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ።

ሌላ አባል፦ የእኔ የሚያፈሰው በስፌቱ ላይ ብቻ ነው፤ እኔም ልጣለው?

የስፌት ባለሙያ፦ አይጣሉት፤ ከስፌቱ ጀርባ ያለው ቴፕ ለቆ ይሆናል፣ እሱ ይታደሳል።

ጠያቂ፦ ይጣበቃል። ሶፍቱም 2 ደቂቃ ሳይሞላ ራሰ፤ ውሃው የገባው ከመሐል ጨርቁ እንጂ ከስፌቱ አይደለም።

የስፌት ባለሙያ፦ እንግዲያውስ ቅቡ አልቋል። ካውያም አያስነኩት፣ የተረፈው ይቀልጣል። ለነገ ከላዩ ሰፋ ያለ የላስቲክ ካፖርት ይደርቡ፤ ላብ መያዙ አይቀርም፣ ዳገቱ ላይ ከፊት ይክፈቱት።

ሻማ ተጠቃሚ፦ እኔ አሁንም ሻማውን ይሞክሩት እላለሁ።

የመንዝ ሰው፦ በርኖሱን ማን ያውስህ?