በአንድ ሰውና በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ የቆመ የደብረ ብርሃን ቢሮ፦ የሥራ ቀጣይነት ዕቅዱን ከየት እንጀምር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን ላይ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ ቢሮ አለን። ሥራው አሜሪካ ለሚገኙ የሀገራችን ልጆች የጭነት መኪና ድርጅቶች የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ቢሮውን የምትመራው ታላቅ እኅቴ ስትሆን፣ ውክልናው፣ የባንክ ፊርማው፣ የደንበኞቹ ፕሮግራም መግቢያና የአከራዩ ውል ሁሉ በእርሷ እጅ ነው። ኢንተርኔታችንም አንድ የፋይበር መስመር ብቻ ነው። ባለፈው ወር እኅቴ ለሕክምና አዲስ አበባ በሄደችበት ሳምንት መስመሩ ስለተቋረጠ፣ አንድ ደንበኛችን «እናንተ ባትኖሩ እኔ ምን እሆናለሁ? ዕቅዳችሁን በጽሑፍ አሳዩኝ» ብሎናል። እንዲህ ያለ ሰነድ አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ከዳላስ

ወንድማችን፣ ነገሩን አታክብደው። ሁለተኛ ፈራሚ ጨምርና ከእኅትህ ጋር በጣምራ እንዲፈርሙ አድርግ፤ ከሌላው የቴሌኮም ድርጅት ደግሞ ሲም ካርድ ግዛ። በቃ፣ ዕቅድህ ይኸው ነው።

ከስቶክሆልም

ባንክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ትንሽ ላብራራ። የዳላሱ ወንድማችን ያነሷቸው ሁለቱም ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ በተባለው መልክ ከተደረጉ ግን ችግሩን ያባብሳሉ። ሁለት ሰዎች በጣምራ ብቻ የሚፈርሙ ከሆነ ገንዘቡ ከስርቆት ይጠበቃል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሥራው ስለሚቆም፣ ቀድሞ በአንድ ሰው ላይ የነበረው ጥገኝነት በሁለት ሰዎች ላይ ይሆናል። ሦስት ፈራሚዎች ተመዝግበው «ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ» ተብሎ ለባንኩ በጽሑፍ ቢሰጠው ግን ጥበቃውም ቀጣይነቱም አብሮ ይገኛል።

ዕቅዱን የምጀምረው እኔ ብሆን መሣሪያ ከመግዛት በፊት እያንዳንዱ ሥራ ስንት ጊዜ ቢቆም ጉዳት እንደሚያደርስ እጽፍ ነበር። በእርስዎ ቢሮ ለአሽከርካሪዎች ዓርብ የሚከፈለው ገንዘብ ስሌት ሐሙስ ማታ ማለቅ ካለበት፣ እርሱ ከአንድ ቀን በላይ መቆም አይችልም። ለደንበኞች የሚላክ ደረሰኝ ሦስት ቀን ቢዘገይ ግን ከቅሬታ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ባለመኪናዎቹ በየሩብ ዓመቱ የሚያቀርቡት የነዳጅ ግብር ማስታወቂያ በፈረንጆች ሚያዝያ፣ ሐምሌ፣ ጥቅምትና ጥር ወር መጨረሻ ላይ የሚደርስ ስለሆነ፣ በነዚያ አራት ሳምንታት ብቻ ወደ አስቸኳዮቹ ተርታ ይገባል። እዚያው ሀገር ቤት ደግሞ የሠራተኞች የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቅጣት ያስከትላል። ይህን ሲጽፉ ስድስት ሰው በሙሉ ኢንተርኔት ማግኘት እንደማያስፈልገው፣ ሐሙስ ቀን ግን ሁለት ሰዎች የግድ ኢንተርኔት ማግኘት እንዳለባቸው ያዩታል። ለሁለት ሰው የአንድ ስልክ ዳታ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚጻፈው እያንዳንዱ አስቸኳይ ሥራ በየትኛው የእኅትዎ ነገር ላይ እንደሚያልፍ ነው። ብዙ ጊዜ ማነቆው ዕውቀታቸው ሳይሆን ስልካቸው ሆኖ ይገኛል፤ የይለፍ ቃሉን ሁሉም ቢያውቀው እንኳ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው በእርሳቸው የግል ሲም ካርድ ላይ ነው። በድርጅቱ ስም የተመዘገበ ሲም አውጥታችሁ ቁጥሮቹን ወደዚያ አዛውሩ። ኢሜይላችሁ የጉግል ከሆነ ደግሞ አስር የመጠባበቂያ ቁጥሮች ስለሚሰጥ፣ አትማችሁ በታሸገ ፖስታ ከቢሮው ውጪ አስቀምጡ።

ከለንደን

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። እዚያ ያለን ቤት በወንድሜ ውክልና ይተዳደር ነበር። ወንድሜ ሲያርፍ ውክልናው አብሮት ቀረ፤ ተከራዩ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍል አላወቀም፣ ባንኩም አዲስ ሰነድ እስኪመጣ ገንዘቡን አላንቀሳቅስም አለ። ከኤምባሲ አዲስ ውክልና አስጽፎ፣ በውጭ ጉዳይ አረጋግጦ፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ማድረስ ወራት ወሰደ። ጥያቄው የቢሮ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከውክልናው አንጻር ኢንተርኔቱ ቀላል ጉዳይ ይመስለኛል።

ከስቶክሆልም

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የለንደኗ እኅታችን ያነሱት ከሁሉ የሚቀድም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተወካይ ሥራውን ራሱ መፈጸም አለበት፤ ሌላ ሰው መተካት የሚችለው በመሠረቱ ወካዩ ከፈቀደለት ነው። ስለዚህ ሰነዱ «ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን» የሚል ቃል ከሌለው፣ እኅትዎ ሆስፒታል ሆነው በፈቃዳቸውም ቢሆን ሥራውን ማስረከብ ያስቸግራቸዋል። ይህ ቃል ቢኖርም ለሞት አስተማማኝ መፍትሔ ስለማይሆን፣ ሁለተኛ ተወካይ ከአሁኑ በቀጥታ በእርስዎ ቢሾም ይሻላል።

ከደብረ ብርሃን

እኔ ደግሞ እዚሁ ያለሁ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። መስመሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የፋይበሩን ሳጥን እዩ። LOS የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ተነቅሏል፤ ጥገና መጠየቅ እንጂ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋት አይጠቅምም። መብራቱ ደህና ሆኖ ገጽ ካልከፈተ ችግሩ ከራውተሩ ወይም ከእናንተ ቤት ውጪ ከድርጅቱ በኩል ሊሆን ይችላል። በዕቅዱ ላይ ይህን የሚያይ ሰውና «ግማሽ ሰዓት ካለፈ ወደ ስልክ ዳታ እንዞራለን» ብሎ የሚወስን ሰው በስም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሁሉም «አሁን ይመጣል» እያለ ይውላል።

ሌላው መብራት ነው። ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ጠፋ የሚባለው ኃይል ሲቋረጥ ነው። ሳጥኑና ራውተሩ አብረው ከ20 ዋት ብዙም አይበሉም። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱንና እርጅናውን ቀንሰን ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆያቸዋል። ላፕቶፖቹ በራሳቸው ባትሪ ይሠራሉ።

ስለ ሁለተኛው ሲም ግን አንድ ነገር ልበል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ለወራት አልተመለሰም ነበር። ስለዚህ ሲም ካርዱ ለተቆረጠ ሽቦ መድኃኒት ነው፤ ለእንዲያ ያለ ጊዜ ግን አይሆንም።

ከዳላስ

እንግዲያው የሳተላይት መሣሪያ በሻንጣ ይዞ መግባት ነዋ።

ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ ያለፈቃድ ከመጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ቢገባም የደንበኛን ሒሳብ ፈቃድ በሌለው መሣሪያ ላይ ማቆም ለቢሮው ሌላ አደጋ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የከበደኝ ነገር አለ። እኅቴ ሁለተኛ ተወካይ የሚለውን ስትሰማ «አላመናችሁኝም ማለት ነው» ብላ ከፋት።

ከስቶክሆልም

ይህ በየቢሮው ያጋጥማል። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሌላ ሰው ከሚጽፍባቸው ይልቅ ራሳቸው ይናገሩ፤ ምክትላቸው የምትሆነው ሠራተኛ ትጻፈው። ከዚያ አንድ ሐሙስ እኅትዎ ስልካቸውን ዘግተው ቤታቸው ይዋሉ፤ ከሰዓት በኋላም የፋይበሩ ሽቦ ይነቀል። የአሽከርካሪዎቹ ስሌት ለዓርብ ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ የት ላይ ቆመ፣ ማን ደወለ የሚለው ይመዝገብ። ለደንበኛዎ የሚያሳዩት ወረቀት ከዚህ ሙከራ በኋላ ይታረም እንጂ በፊት አይላክ። ሙከራውም የሩብ ዓመቱ ማስታወቂያ በሚደርስበት ሳምንት አይሁን።

ለረጅሙ መቋረጥ በኢንተርኔት ዳመና ላይ የተቀመጠው መዝገብ በየረቡዕ ማታ ለእርስዎ ይላክና የዚያን ሐሙስ ክፍያ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ያውጡት። ሰዓቱም ያግዛል፤ እዚያ ሐሙስ ጠዋት ሲሆን በደብረ ብርሃን ቀኑ እያለቀ ነው።

ከደብረ ብርሃን

ሠራተኞቹን ወደ አዲስ አበባ ማዛወርም አንድ አማራጭ ነው፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ችግሩ ዳታ በሚዘጋበት ጊዜ መንገዱም መዘጋቱ ነው፤ ለሁለቱ በአንድ ጊዜ መዘጋት እኔ መልስ የለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔም የለኝም፤ በዕቅዱ ላይ እንደዚያው ብዬ ለደንበኛው እጽፍለታለሁ። የታሸገውን ፖስታ ግን ከቤተሰብ ውጪ ለማን እንስጥ? ለጠበቃ የሰጣችሁ ካላችሁ ወጪውን ጻፉልኝ።