«ቢያን ኮርዲያልማን» ላለችኝ ደንበኛ ምን ብዬ ልመልስ?

ፈረንሳይኛ የምትችሉ፣ እስቲ ድረሱልኝ። ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ማርሴይ ላለችው ገዢያችን የመጀመሪያውን ኢሜይል «ማዳም፣» ብዬ ጀመርኩ። ደንቡ ስም አያስጨምርም፤ በእኛ ግን «ለተከበሩ ወ/ሮ» ብሎ ስም መተው ያልጨረሱት ደብዳቤ ነው የሚመስለው። የዘጋሁትም በዚያ በረጅሙ ነው፦ «ዡ ቩ ፕሪ ዳግሬዬ፣ ማዳም፣ ሜ ሳሉታስዮን ዲስተንጌ»። መክፈቻው ላይ ያለው «ማዳም» እዚህም ይደገማል።

እሷ ግን «ቦንዡር» ብላ ጀምራ «ቢያን ኮርዲያልማን» ብላ ዘጋች። ቃል በቃል «ከልብ የሆነ» ብዬ ተርጉሜ ለአለቃዬ ሳሳየው፣ «ፍቅረኛህ ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ከሰላምታ ጋር» ብዬ አስተካከልኩት።

አሁን እኔም እንደሷ ላሳጥር ወይስ በረጅሙ ልቀጥል? ብቀጥል ኩርፊያ እንዳይመስል፣ ባሳጥር ድፍረት እንዳይሆን ፈራሁ። ነገ ጠዋት መመለስ አለብኝ።