ለፈተና ፈረቃ መቀያየር፦ ማመልከቻው እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ በፈረቃ እየሠራሁ በርቀት እማራለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ፤ የተመደብኩት ግን ዓርብ ሌሊት ከ5 እስከ 1 ሰዓት እና እሁድ ጠዋት ከ1 እስከ 9 ሰዓት ነው። ዓርብን ከጫልቱ፣ እሁድን ከሙስጠፋ የከሰዓት ፈረቃ ጋር ለመቀያየር በቃል ተስማምተናል። ኃላፊው እንዲፈቅድልኝ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ 1 (የቀድሞ የፈረቃ ኃላፊ)፦ ኃላፊዎ አስቀድመው የሚያዩት የፈተናውን ምክንያት ሳይሆን የሚተካዎት ሰው ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት የት እንደተመደበ ነው። ጫልቱ ቅዳሜ ጠዋት ገቢ ከሆነች ወይም ሙስጠፋ ቅዳሜ ሌሊት ካደረ፣ ቅያሪው አንዱን ሰው 16 ሰዓት ያለ ዕረፍት ያሠራዋልና አይጸድቅም። ስለዚህ ፕሮግራሙን አይተው እንዲህ ይጻፉ፦ «ዓርብ ሌሊት የተመደብኩበትን ፈረቃ ጫልቱ እንድትሠራልኝ፣ እኔም በዚያው ዕለት ከ9 እስከ 5 ሰዓት ያለውን የእርሷን ፈረቃ እንድሸፍን ተስማምተናል።» ቀኑን ጨምረው ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ የፈተናውን ፕሮግራምም አያይዙ።

መልስ 2፦ እህቴ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግዎትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ልዩ ፈቃድ ስለሚሰጥ በሕጉ ይጠይቁ።

መልስ 1፦ ልዩ ፈቃድ መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው የሦስት ቀን ፈቃድ ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት እንጂ ለፈተና አይደለም። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ግን ስለ ትምህርት የሚለውን ማየት ይገባል።

መልስ 3 (የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ)፦ እኔ በቃል ብቻ ቀይሬ ባልደረባዬ ሳይመጣ ስለቀረ ቀሪ ተብዬ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው ፈርሞ ፕሮግራሙ ላይ ስሞቹ እስኪቀየሩ ድረስ ፈረቃው የእርስዎ እንደሆነ ይቁጠሩት።

ጠያቂዋ፦ ፕሮግራሙን አየሁት፤ ጫልቱ ቅዳሜ ዕረፍት ናት፣ ሙስጠፋ ግን ቅዳሜ ሌሊት አዳሪ ነው። እሁድ የምታርፈው ሰናይት ልትሠራልኝ ፈቃደኛ ናት።

መልስ 1፦ እንግዲያውስ የዕረፍት ቀን ተቀያየሩ። የእርስዎ ዕረፍት በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከሆነ፣ ረቡዕ የሰናይትን ፈረቃ እርስዎ ይሥሩና እርሷ ትረፍ፤ እሁድ ደግሞ እርሷ ትሥራ። በዚህ መንገድ ሁለታችሁም የሳምንቱን 24 ሰዓት ዕረፍት ታገኛላችሁ፣ ከ48 ሰዓትም አታልፉም። ቅያሪው ወደ ሌላ ሳምንት ከተሻገረ ግን አንዳችሁ ያለ ዕረፍት ትቀራላችሁ፤ ሒሳብ ክፍሉም የትርፍ ሰዓት ጥያቄ እንዳይነሳ ሲል ሊቃወም ይችላል።

ጠያቂዋ፦ ዕረፍቴ ረቡዕ ነው፤ ዛሬውኑ ሦስታችንም ፈርመን እናስገባለን። ለሌሊት ፈረቃ ሆቴሉ የሚጨምረው አበል ለእኔ ይታሰባል ወይስ ለጫልቱ?

መልስ 3፦ እኛ ዘንድ ለሠራው ነው የሚከፈለው፤ በእናንተ ቤት ግን ማመልከቻው ላይ ጠቅሰው ኃላፊውን ቢያስወስኑ ይሻላል።