የዘጋነው ግኝት ተመልሶ መጣ፤ ሰኞ የውጭ ኦዲተር አለብን

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። በውስጥ ኦዲት የተገኘ ግኝት ነበረብን፣ አስተካክለን ዘግተነው ነበር። ዛሬ ጠዋት ወርክሾፑን ስዞር ያው ነገር እንደገና አለ። ሰኞ ለሥራ ደህንነት ደረጃው ለአይኤስኦ 45001 የውጭ ኦዲተር ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ “እንደገና ዝጋውና ፈርምበት” እያለኝ ነው። የተሞላ የእርምት እርምጃ ፎርም ያለው ሰው ናሙና ይላክልኝ፣ በአላህ።

የቀድሞ ሴፍቲ፦ ወንድሜ፣ ፎርም ከመፈለግህ በፊት ሥርዓቱን ተረዳው። 45001 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ከዚያ በፊት የምንሠራው በ18001 ነበር። ሁለቱም የሚዞሩት በአንድ ዑደት ነው፦ አቅድ፣ ተግብር፣ ፈትሽ፣ አሻሽል። አደጋውን ለይተህ ታቅዳለህ፣ ያቀድከውን ትሠራለህ፣ እንደታቀደው መሠራቱን ታያለህ፣ ካልሆነ ታስተካክላለህ። የውስጥ ኦዲት ያለው “ፈትሽ” ላይ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ፎርም ቢሰጡትም አይጠቅመውም።

ብየዳ ቤት (ደሴ)፦ አብሽር፣ ሰኞ ገና ነው። ግን ግኝቱ ምንድነው? አልነገርከንም እኮ።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ የግራይንደር ጋርድ ነው፣ ዲስኩን የሚከልለው ሽፋን። ልጆቹ ጋርዱን ፈትተው ይሠራሉ። ባለፈው ጋርዱን አስገጠምን፣ ለሠራተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠን፣ ፎቶ አንስተን አያያዝን፣ ተዘጋ።

ፎርማን ነበርኩ፦ መፍትሔው ቀላል ነው። ጋርዱን ቁልፍ በማይፈታው መንገድ አስይዘው። ከዚያ ሥልጠና ስጥና የተሳታፊዎቹን ፊርማ አያይዝ። ኦዲተር ፊርማ ይወዳል።

የሠራተኛ ጉዳይ፦ ኢንስፔክተር ከመጣ ዋናው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የአደጋ መዝገብህን አዘጋጅ፣ የሴፍቲ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤም አይጥፋ።

ኦዲት የምሠራ፦ ከላይ ያልከው የመንግሥት ቁጥጥር ነው፣ የእሱ ሌላ ነው። 45001 ድርጅቱ ወዶ የሚገባበት ነው፣ የሚመጣውም ሰርተፍኬት የሚሰጠው ድርጅት ኦዲተር ነው። ሕጉን ማክበራቸውን ግን እሱም ያያል፣ ስለዚህ መዝገቡ አይጎዳም።

ጠያቂው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የግራይንደሩ መጠን ስንት ነው? የተገጠመበት ዲስክስ? ወርደህ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።

ፎርማን ነበርኩ፦ የዲስኩ መጠን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሰውየው ጋርድ ፈታ፣ አለቀ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።

ጠያቂ፦ ወርጄ አየሁ። ማሽኑ ትንሹ ነው፣ 115 ሚሊ፣ ላዩ ላይ በደቂቃ 11,000 ዙር ይላል። ዲስኩ ትልቁ 230 ነው፣ እሱ ላይ የተጻፈው 6,600 ነው። ልጁን ስጠይቀው “ስቶር የሰጠኝ ይሄንን ነው፣ ትንሹ ካለቀ ቆይቷል” አለኝ። በጋርዱ ውስጥ ስለማይገባ ነው የፈታው።

ብየዳ ቤት (ደሴ)፦ ወላሂ ይሄማ ከጋርዱም የባሰ ነው። ዛሬውኑ አስቁም! የመሐል ቀዳዳቸው እኩል ስለሆነ ትልቁ ትንሹ ማሽን ላይ ዝም ብሎ ይገባል። ቢበዛ በ6,600 እንዲዞር የተሠራ ዲስክ በ11,000 ሲዞር ሊፈነዳ ይችላል። ስብርባሪው የት እንደሚሄድ አታውቅም፣ ጋርዱም የለም። እኔ ጋ አንድ ልጅ መነጽሩ ነው ያተረፈው፣ ግንባሩ ግን ተሰፍቷል።

ኦዲት የምሠራ፦ እንግዲህ ግኝትህ ለምን እንደተመለሰ አሁን ታየ። በመጀመሪያው ዙር የተሠራው ማስተካከል ነው፦ ጋርዱ ጠፍቶ ነበር፣ ተገጠመ። የእርምት እርምጃ የሚባለው ግን ጋርዱን ያስፈታውን ነገር ማስወገድ ነው። ያስፈታው ግዥ ነው። ትንሹ ዲስክ አለቀ፣ ግዥ ትልቁን ገዛ፣ ስቶር ሰጠ፣ ሠራተኛው ሥራው እንዳይቆም ጋርዱን ፈታ። አንተ የመጨረሻውን ሰው ቀጣህ፣ ስቶር ግን ትልቁን ዲስክ መስጠቱን ቀጠለ።

የአደጋ መለያ ሰነዳችሁን ብታየው “ግራይንደር፦ ጋርድ፣ መነጽር፣ ጓንት” የሚል ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ያ የተጻፈው ትንሹ ዲስክ እንደሚኖር ታስቦ ነው። ዲስኩ ሲቀየር ማንም ወደ ሰነዱ አልተመለሰም። ዑደቱ የተቆረጠው እዚያ ላይ ነው። የውስጥ ኦዲተራችሁም ማሽኑን አየ እንጂ ስቶር ገብቶ መደርደሪያውን አላየም፣ የግዥ መጠየቂያውን አላነበበም። የውስጥ ኦዲት የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያላችሁት አሠራር ከደረጃውና ራሳችሁ ከጻፋችሁት ጋር ይስማማል ወይ? በተግባርስ እየሠራ ነው ወይ? ሁለተኛውን ለመመለስ ሰነድ አይበቃም፣ ሥራው ሲሠራ ማየትና የሚሠራውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፎርማን ነበርኩ፦ እሺ ዲስኩ ይቀየር። ሥልጠናው ግን ይቅር ማለት ነው?

ኦዲት የምሠራ፦ አይቅር። ዲስኩ ላይ ያለው ዙር ከማሽኑ ዙር ማነስ እንደሌለበት ልጆቹም ስቶር ኪፐሩም ይወቁ። ግን ሥልጠና ብቻውን ደካማ መከላከያ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ትልቁ ዲስክ ብቻ ከሆነ የሠለጠነውም ያንኑ ይገጥማል።

ሰኞን በተመለከተ፣ የድሮውን ፎርም አትነካካ፣ ቀን ወደ ኋላ አትጻፍ። አዲስ ግኝት ክፈትና “የበፊቱ ተመልሶ የመጣ” ብለህ ቁጥሩን ጥቀስ። ዛሬ የሚሠራውን ጻፍ፦ ትልልቆቹ ዲስኮች ከትንንሾቹ ማሽኖች ተለይተው ተቆለፈባቸው፣ ሥራው እስኪስተካከል ቆመ። ከዚያ ምክንያቱን ከልጆቹና ከተወካያቸው ጋር ተቀምጠህ ጻፍ። ይህን ደረጃው ራሱ ይጠይቃል፣ የኦዲቱ ውጤትም ለእነሱ መነገር አለበት። ሌሎች ወርክሾፖች ላይም ያው ነገር እንዳለ እይ። ግዥ መጠየቂያው ላይ የማሽኑ ዙርና የዲስኩ መጠን እንዲጻፍ አድርግ። ውጤቱ የሚታየው ግን ቆይቶ ስለሆነ፣ መቼ ተመልሰህ እንደምታይ ቀን አስቀምጥና ክፍት አድርገው ተወው።

ጠያቂ፦ ክፍት ግኝት ይዤ ኦዲተር ፊት ልቅረብ? ሥራ አስኪያጁ ይገድለኛል።

የቀድሞ ሴፍቲ፦ እኔም አልስማማም። ተመልሶ የመጣ ግኝት ሲያይ ኦዲተሩ ከባድ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ሰርተፍኬቱ ሊዘገይባቸው ነው።

ኦዲት የምሠራ፦ ሊጽፈው ይችላል፣ አልክድም። ግን ተዘግቷል የሚል ፊርማ አይቶ ወርክሾፕ ገብቶ ጋርድ የሌለው ማሽን ካገኘ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ፎርማችሁን አያምንም። ራሳችሁ አግኝታችሁ ምክንያቱን ደርሳችሁበት እየሠራችሁበት ከሆነ ግን የምታሳዩት ነገር አላችሁ። ለሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈህ ስጠው፣ 11,000 እና 6,600። አይቶ “ፈርም” ካለህ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሐይቅ፦ የውስጥ ኦዲተር የግድ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት ይላሉ፣ እውነት ነው? ለእኛ ወጪው ከባድ ነው።

ኦዲት የምሠራ፦ የግድ አይደለም። የራሱን ሥራ ራሱ እንዳይመዝን ነው። የሰለጠነ ከሆነ የጥራት ክፍል ሰው ወርክሾፑን ሊያይ ይችላል፣ የወርክሾፑ ኃላፊ ግን የራሱን ክፍል አያይም።

ጠያቂ፦ ስቶር ሄጄ ነበር። ትልልቆቹን ለይተን ቆለፍንባቸው። ትንሹ ዲስክ ኮምቦልቻ ገበያ አለ ብለውኛል፣ ግዥ ግን ፕሮፎርማ ሦስት ካልመጣ አይገዛም።

ብየዳ ቤት (ደሴ)፦ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ፕሮፎርማ ላስወጣልህ፣ ነገ ጠዋት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ስትገዛ ዙሩን አንብብ፣ የብረት ቀለበቱ ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም እይ።

ሐይቅ፦ የእኛ ዲስኮች ላይ ጽሑፉ በእርጥበት ለቋል፣ ቁጥሩ አይነበብም። ምን ይሻላል?

ብየዳ ቤት (ደሴ)፦ የማይነበበውን አትግጠሙ። እርጥበት የመታው ዲስክ ደግሞ ቁጥሩ ቢነበብም አልገጥመውም።