የፕሮቲን ዱቄት አለካክ፦ ስኩፕ፣ ማንኪያ ወይስ ሚዛን? ጥቆማ

ጠያቂ፦ የዌይ ፕሮቲን ጣሳው ውስጥ ስኩፕ የለም። መለያው 1 ስኩፕ 31 ግራም፣ ፕሮቲኑ 24 ግራም ይላል። በምን ልለካ? በ250 ሚሊ ሊትር ወተት ስበጠብጠውስ ስንት ፕሮቲን ይሆናል?

መልስ፦ የሾርባ ማንኪያ ይበቃሃል ወንድሜ። አንዱ 15 ሚሊ ስለሚይዝ ሁለቱ 30 ግራም ነው።

መልስ፦ 15 ሚሊ 15 ግራም የሚሆነው ለውሃ ነው። ዱቄቱ በመካከሉ ብዙ አየር ስላለው አፉ ድረስ የተስተካከለ የሾርባ ማንኪያ የሚይዘው ከ6 እስከ 7 ግራም ገደማ ነው። በሁለት ማንኪያ የምታገኘው ፕሮቲን 10 ግራም ቢሆን ነው። የምጠቁምህ በ1 ግራም የሚቆጥር ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ነው፤ ባለ መርፌው ለዚህ ትንሽ ክብደት አይሆንም። ብርጭቆውን አስቀምጥ፣ ወደ ዜሮ መልስ፣ 31 እስኪል ጨምር። በጣም ቀስ እያልክ ከበተንክ አንዳንድ ሚዛን አይቆጥረውም፤ ብርጭቆውን አንስተህ መልሰህ አስቀምጠው።

24ን ለ31 ስታካፍል 0.77 ይመጣል። የመዘንከውን ግራም በዚህ አባዛው። ክምር ያለ ስኩፕ 40 ግራም ከመዘነ ፕሮቲኑ 31 ግራም ነው፤ ጣሳውም ከታሰበው ቀን ቀድሞ ያልቃል።

ሌላ ሰው፦ የኔ ማስ ጌይነር ሁለት ስኩፑ 334 ግራም ነው። በ0.77 ሳባዛው 257 ግራም ፕሮቲን መጣ፣ ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ 0.77 የዚያኛው ጣሳ ቁጥር ነው። ያንተን መለያ እይ። 50 ግራም ፕሮቲን የሚል ከሆነ 50 ለ334፣ 0.15 ነው። ቀሪው በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው።

ጠያቂ፦ ወተቱስ?

መልስ፦ ቅባቱ ያልተቀነሰ የላም ወተት በ100 ሚሊ 3.2 ግራም ገደማ ስላለው 250ው 8 ግራም ይጨምራል። በወተት 32፣ በውሃ 24 ማለት ነው። ውሃ የገባበት ወተት ከሆነ ግን 8 አይሞላም፤ ስለዚህ መለያ የሌለው ወተት ላይ ይህን ቁጥር አትመን። የዱቄት ወተት ከሆነ ሙሉ ቅባት ያለው 30 ግራሙ 8 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ እሱንም መዝነው።

ወተቱን ቀድመህ ለካ። ሼከር ውስጥ ዱቄቱ ከገባ በኋላ እስከ 250 ምልክት ብትሞላ ዱቄቱ ቦታ ስለያዘ የገባው ወተት 225 ገደማ ነው። ልዩነቱ 1 ግራም ስለማይሞላ አያስጨንቅም። ለሁለት የምትካፈሉት ከሆነ ግን ከመቅዳት በፊት እንደገና በጥብጠው፤ ታች የረጋው መጨረሻ የሚቀዳለት ሰው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

ሌላ ሰው፦ የሌላ ጣሳ ስኩፕ ብጠቀምስ? አንዴ መዝኖ ምልክት ማድረግ አይበቃም?

መልስ፦ ለዚያው ጣሳ ይበቃል።

መልስ፦ እኔ አልስማማም። ሲጓጓዝ የታመቀ ዱቄት እና የተነቃነቀ ዱቄት በአንድ ስኩፕ እኩል አይመዝኑም። በየሳምንቱ ደግመህ መዝን።