በሁለት መተግበሪያ የነዳሁት ማይል ለታክስ እንዴት ይመዝገብ?

ቨርጂኒያ ውስጥ በ2025 በአንድ መኪና ለሁለት የታክሲ መተግበሪያዎች ሠርቻለሁ። የደረሱኝ 1099-ኬ ቅጾች ተሳፋሪዎች የከፈሉትን ሙሉ ሂሳብ ስለሚይዙ በድምሩ 48,000 ዶላር ያሳያሉ፤ ባንክ የገባልኝ ግን 34,000 ነው። ሙሉውን በሼጁል ሲ በገቢነት አስፍሬ የመተግበሪያዎቹን ድርሻ 14,000 በወጪነት ስለምቀንሰው ይህ አላስቸገረኝም።

የተቸገርኩት በማይሉ ነው። ተሳፋሪ ስጠብቅ ሁለቱንም መተግበሪያዎች ስለምከፍት አንዱ 21,000፣ ሌላው 17,000 የሥራ ማይል መዝግበዋል። ታክስ የሚሠራልኝ ባለሙያ ድምሩን፣ ማለትም 38,000ን፣ በ2025 ተመን በ70 ሳንቲም እናባዛው ቢለኝም አልተስማማሁም፤ አንዱ ማይል ሁለት ጊዜ ይቆጠራልና። በየቀኑ ሥራ ስጀምርና ስጨርስ ከመኪናው ቆጣሪ በደብተር የያዝኩት 26,500 ማይል ሲሆን ተቀናሹን ከ26,600 ወደ 18,550 ዶላር ያወርደዋል። ደብተሩ ግን ቀንና የቆጣሪ ንባብ እንጂ የት እንደሄድኩ አይገልጽም፤ አይአርኤስ ደግሞ ቦታውንና የጉዞውን ምክንያት ጭምር ይጠይቃል።

ደብተሩን ከሁለቱ መተግበሪያዎች ከማወርደው የጉዞ ዝርዝር ጋር በቀን በቀን ባያይዘው፣ በሁለት ተሳፋሪዎች መካከል ባዶውን የነዳሁት ማይል ጭምር ለምርመራ የሚበቃ ማስረጃ ይሆንልኛል?