ሂትክሊፍ ያሳዝናል ወይስ ጨካኝ ብቻ ነው? የተርም ፔፐር እርዳታ

ሜሮን (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ላይ አምስት ገጽ ተርም ፔፐር አለብኝ። ጥያቄው «የሂትክሊፍ ክፋት ገፊ ምክንያቱ ምንድን ነው? ልብ ወለዱ እንድናዝንለት ያደርገናል ወይስ ጨካኝ ብቻ አድርጎ ያሳየናል?» የሚል ነው። ልጅ ሳለ ስለተበደለ ክፉ ሆነ ብዬ ጽፌ ሳስገባ መምህሬ «ይህ ታሪኩን መልሶ መተረክ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ከየትስ ልጀምር?

ዮናስ፦
እኔ በበኩሌ ክፉ ነው ብዬ አላምንም። ካትሪን ሀብታሙን ኤድጋርን ልታገባ እንደሆነ በጆሮው ሰማ፣ ልቡ ተሰበረ፣ ጠፍቶ ሄደ፣ ሀብታም ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ የፍቅር ውጤት ነው። «አሳዛኝ አፍቃሪ» ብለሽ ጻፊ፣ ያስኬድሻል። ፊልሙንም እዪው፣ በደንብ ይገባሻል።

ጋሽ ተፈራ፦
ዮናስ፣ ያየኸው የ1939ኙ ፊልም ከሆነ የልጆቻቸውን ዘመን ጨርሶ አውጥቶታል። የመጽሐፉ ግማሽ የለም ማለት ነው። ሂትክሊፍ አሳዛኝ አፍቃሪ ሆኖ የሚቀረውም ለዚህ ነው፤ የከፋው ሥራው ያለው በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነዋ።

ሜሮን፣ የጻፍሽው ስሕተት አይደለም፤ ግማሽ ነው። «ተበደለ፣ ተበቀለ» የሚለው መልስ የካትሪን ወንድም ሂንድሊ ላይ የደረሰውን በደንብ ያስረዳል። አባቱ እንደሞተ ሂትክሊፍን ከቤተሰብ አውጥቶ የእርሻ አሽከር ያደረገው፣ ትምህርቱንም ያስቀረበት እሱ ነው። ሂንድሊ ግን የሚሞተው ምዕራፍ 17 ላይ ነው፤ መጽሐፉ 34 ምዕራፍ አለው። ከዚያ ወዲያ ባለው እኩሌታ የሚሠቃዩት የሂንድሊ ልጅ ሄርተን፣ የካትሪን ልጅ ካቲና የሂትክሊፍ የገዛ ልጁ ሊንተን ናቸው። እሱ ሲገረፍ አንዳቸውም አልተወለዱም። መልስሽ እነሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ፔፐሩ መጀመር ያለበትም እዚያው ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። አንድ ወረቀት ላይ ግፎቹን ዘርዝሪ፤ ሰባት ወይም ስምንት ይበቃሉ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ጻፊ፦ ተጎጂው ሂትክሊፍን በመጉዳት እጁ አለበት ወይ? ሂትክሊፍ በድርጊቱ ምን አገኘ? ይህንን የሚነግረን ማን ነው? ሦስቱን ስትሞዪ ታሪክ መተረኩ በራሱ ይቀራል፤ እያንዳንዱን ግፍ የምታነሺው ለክርክር ይሆናልና።

የኤድጋርን እህት ኢዛቤላን እንውሰድ። ሂትክሊፍን ወደደችው እንጂ አልበደለችውም። እሱ ግን ገና ስለ እሷ ሲወራ (ምዕራፍ 10) የወንድሟ ወራሽ መሆኗን ነው የሚጠይቀው። ይዟት በጠፋባት ሌሊት ትንሽ ውሻዋን ይሰቅልባታል፤ ገረዲቱ ኔሊ ደርሳ ታወርደዋለች። ከውሻው ስቃይ የሚያገኘው ምንም ጥቅም የለም። ምዕራፍ 14 ላይ ደግሞ ለኔሊ ምን እንደሚላት አንብቢ፦ ሚስቱ መለያየት ለመጠየቅ ምክንያት እንዳታገኝ ከሕግ ወሰን እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። በንዴት የጋለ ሰው ሕግ አያሰላም። እዚህ ያለው ጭካኔ ነው፤ የልጅነት በደሉም አይሸፍነውም።

አሁን ሄርተንን ከጎኑ አስቀምጪው። ሂንድሊ ሲሞት ሂትክሊፍ ሕፃኑን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ያቆመውና፣ ያው ነፋስ ካጎበጠው ይኸኛውም ዛፍ እንደ ሌላው ጎብጦ ያድግ እንደሆነ እናያለን ይላል። ይህ በቀል ብቻ ሳይሆን ሙከራ ነው። በእሱ ላይ የተደረገውን አንድ በአንድ ይደግመዋል፤ ሄርተንም ማንበብ ሳይማር አሽከር ሆኖ ያድጋል። ግን ምዕራፍ 21 ላይ ራሱ ይናገራል፦ የሄርተን ስሜት ሁሉ ይገባዋል፣ እሱም አልፎበታልና። ያንን ሕመም ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው አውቆ የሚያደርሰው። የሚያሳዝነውና የሚያስጠላው አንድ ቦታ የሚገናኙት እዚህ ነው። ከፔፐሩ ሁለት ሙሉ ገጽ ስጪው።

አቤል፦
ሜሮን፣ እኔም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደርሶኝ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነበር የሠራሁት። ደግ ሰው ነው ወይስ ክፉ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ በዘሩ ኮርቶ የልጁን ፍቅር የሚረግጥ ሰው ክፉ ነው። ሂትክሊፍም ያው ክፉ ነው። ምን ያከራክራል?

ጋሽ ተፈራ፦
አቤል፣ ጥያቄው ሰውየው ክፉ ነው ወይ አይደለም። ልብ ወለዱ ለእሱ ምን እንዲሰማን አድርጎ ነው የተሠራው ነው የምትለው። ፊታውራሪ መሸሻ በኩራቱ ያስቀናል፣ ያስቃል፤ ከሥሩ ግን እንደ ሂትክሊፍ የቆየ ቁስል ደራሲው አላስቀመጠለትም፤ የሚገፋው የክብሩና የዘመኑ ሥርዓት ነው። ማወዳደሩ ጥሩ ነው፤ ግን አምስት ገጽ ላይ ሁለቱን ካስገባች አንዱንም በቅጡ አትይዘውም።

ቤዛ፦
ጋሽ ተፈራ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ (ማን ነው የሚነግረን) በጣም ቶሎ አለፉት። ታሪኩን የምትነግረን ገረዲቱ ኔሊ ዲን ናት፤ ተከራዩ ሎክዉድ ከእሷ የሰማውን ነው የጻፈው። ኔሊ ደግሞ ከዳር ቆማ የምታይ ምስክር አይደለችም። ልጁ ከሊቨርፑል የመጣ ቀን እስኪነጋ ይጠፋ እንደሆን ብላ ደረጃው ላይ ያሳደረችው እሷ ናት (ምዕራፍ 4)። ምዕራፍ 9 ላይ ካትሪን «እሱን ባገባ ክብሬ ይወርዳል» ስትል ሂትክሊፍ ከጀርባ ሰምቶ ሲወጣ አይታዋለች፤ ካትሪንን ግን ወዲያው አላስጠነቀቀቻትም። ካትሪን ያኔ ንግግሯን ገና አልጨረሰችም ነበር። እኔና እሱ አንድ ነን የምትለው ቀጥላ ነው። ዮናስ «ሰማ» ያልከው ግማሹን ነው።

ዮናስ፦
እሱስ እውነት ነው፤ ግን እኮ ይህ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ሙሉውን ቢሰማ ኖሮ አይሄድም ነበር።

ቤዛ፦
አንድ ዕርምጃ ያህል ያጠናክርልሃል። እኛ አንባቢዎች ሙሉውን ሰምተናል፤ እሱ ግማሹን ይዞ ነው የሄደው። ለሦስት ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ የሚያዝንለት አንባቢ የሚያዝነው በዚህ ልዩነት ነው። ይህ ግን ወደ ሂትክሊፍ ልብ ያስገባናል እንጂ የኢዛቤላን ውሻ አያወርድም።

ጋሽ ተፈራ፦
ቤዛ፣ ስለ ኔሊ ያልሽው ትክክል ነው፤ ግን ብዙ አትግፊው። ጭካኔውን የምትመሰክረው ኔሊ ብቻ አይደለችም። ኢዛቤላ በደብዳቤዋ (ምዕራፍ 13) እና ሸሽታ ስትመጣ (ምዕራፍ 17) ራሷ ትናገራለች፤ ሎክዉድም ገና መጀመሪያ ላይ ቤቱን በዓይኑ ያየዋል።

ቤዛ፦
ኢዛቤላም እኮ የተጎዳች ሚስት ናት፤ ደብዳቤዋንም የምታነብልን ኔሊ ናት። ውሸት ነው አላልኩም። ያለ ጠላት አፍ የቀረበልን ነገር እንደሌለ ሜሮን ትጻፈው ነው የምለው።

ጋሽ ተፈራ፦
በዚህ አንስማማም። ኔሊ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ታዝንለታለች፤ ጠላት የሚለው ይከብዳል። ሜሮን፣ ሁለቱንም አስቀምጪና የራስሽን ምረጪ።

አንድ መዘንጋት የሌለበት ትዕይንት ግን አለ። ልጅ ሳሉ የሂትክሊፍ ፈረስ ሲያነክስ ከሂንድሊ ጋር እንዲለዋወጥ ያስገድደዋል፤ እምቢ ካለ በሳምንቱ ሦስት ጊዜ መገረፉን ለአባትየው እንደሚናገር ያስፈራራዋል። ሂንድሊ በሚዛን ብረት ደረቱን ይመታዋል፤ እሱም አያለቅስም፣ ፈረሱን ይዞ ይሄዳል። ተበዳይነቱና ስሌቱ በአንድ ትዕይንት ተቀምጠዋል። ኔሊም ምዕራፉን የምትዘጋው ያኔ ቂመኛ አልመሰላትም፣ ግን ፈጽሞ ተታልላ እንደነበር በመናገር ነው። በመጀመሪያው ረቂቅሽ ይህን ስላለፍሽው ነው «ክፋቱ ከበደሉ በኋላ መጣ» ያልሽው።

ሜሮን፦
በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አንቺንም ቤዛ። ሠንጠረዡን ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። መጨረሻ ላይ በቀሉን ሲተው ንስሐ ገባ ልበል? እንዲያ ካልኩ «ልብ ወለዱ ይቅር ይለዋል» ብዬ መደምደም እችላለሁ።

ጋሽ ተፈራ፦
አትበይ፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ምዕራፍ 33 ላይ የሚለው ጠላቶቹን የማጥፋት አቅም እንዳለው፣ ግን በጥፋታቸው መደሰት እንደተወው ነው። ካቲና ሄርተን አብረው ሲያነቡ ሁለቱም ቀና ብለው ያዩታል፤ የሁለቱም ዓይን የካትሪን ዓይን ነው። ሄርተንም የራሱ ወጣትነት ሆኖ ይታየዋል። እጁ የዛለው ለዚህ ነው። ኔሊ ስለ ነፍሱ እንዲያስብ ስትመክረው ደግሞ (ምዕራፍ 34) ማንንም አልበደልኩም፣ የምጸጸትበትም የለም ይላታል። ይህ እያለ ንስሐ ብለሽ ከጻፍሽ መምህርሽ አንድ መስመር ጠቅሶ ያፈርሰዋል።

ይልቅ ሌላ ማስረጃ ልስጥሽ። ሂትክሊፍ ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጦ ያለቀሰው ሄርተን ነው፤ ከሁሉ በላይ የተበደለው። ልብ ወለዱ ኀዘኑን የሰጠው ለእሱ ብቻ ነው። ኔሊ እንድናለቅስ አትጠይቀንም፤ የሄርተንን ዕንባ አሳይታን ታልፋለች። ይህንን እንዴት እንደምትፈቺው የአንቺ ክርክር ነው። እኔ ብሆን «ስሜቱን እንድናውቅ ያደርገናል፣ ሥራውን ግን አያስተሰርይለትም» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግቢያው ላይ አስቀምጥ ነበር።

ቤዛ፦
የቻርሎት ብሮንቴን መቅድም እንደ ማስረጃ ከተጠቀምሽ ተጠንቀቂ። በ1850 እትም ላይ ነው የጨመረችው፤ ኤሚሊ ካረፈች በኋላ። ሂትክሊፍን ክፉኛ ታወግዘዋለች፤ ግን የእህት አስተያየት እንጂ የልብ ወለዱ ድምፅ አይደለም።

ሜሮን፦
እሺ። ግን የእኔ ቅጂ ላይ ምዕራፍ 33 የለም! ሁለተኛው ክፍል ከ1 ይጀምርና 20 ላይ ያበቃል።

ጋሽ ተፈራ፦
ያንቺ እንደ 1847ቱ እትም በሁለት ጥራዝ የተከፈለው ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ 14 ምዕራፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሰጠንሽ ቁጥር ላይ 14 ቀንሺ። 17 ያልነው በሁለተኛው ጥራዝ 3 ነው፣ 21ዱ 7 ነው፣ 33ቱ 19 ነው። ስትጠቅሺም ጥራዙንና ምዕራፉን አብረሽ ጻፊ፣ አለበለዚያ መምህርሽ በራሱ ቅጂ ፈልጎ አያገኘውም።